የሰብለ ወንጌል የምንኩስና ልብስ፦ በልቦለድ ውስጥ ትእምርትን በጽሑፋዊ ማስረጃ ስለ ማረጋገጥ

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ብዙ ሰው ያወቀው በንባብ ብቻ ሳይሆን በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካም ጭምር ነው። በጅቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ ሰባት፣ ስለዚሁ ልቦለድ ከአማርኛ አንባቢዎች ጋር ስንወያይ፣ የሰብለ ወንጌል የምንኩስና ልብስ ትእምርት መሆኑን አነሣሁ። ከኢትዮጵያ በየብስ ተጉዘው የመጡ አንዲት እናት ግን አልተቀበሉኝም። «መንገደኛ የሚለብሰው የሚያሳልፈውን ነው፤ ልጅቱም ያደረገችው ይህንኑ ነው» አሉ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ተቃውሞ መልስ ለመስጠት ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

አስቀድሞ ትእምርትን በግልጽ ከተነገረ ንጽጽር መለየት ይገባል። ጉዱ ካሣ የማኅበረሰቡን ልማድና ሥርዓት ከድንጋይ ካብ ጋር ሲያነጻጽር፣ የንጽጽሩን ሁለት ወገኖች ራሱ ጠርቶ ያገናኛቸዋል። አንባቢው የሚያወጣው ስውር ፍች የለም፤ ስለዚህም ማስረጃው ያው ንግግሩ ነው። ትእምርት ግን በመጀመሪያ በታሪኩ ውስጥ ሥራ ያለው እውነተኛ ነገር ነው። ልብሱ ገላን ይሸፍናል፤ ማንነትንም ይሰውራል። ተጨማሪ ፍች የሚያገኘው ልቦለዱ ደጋግሞ በተለያየ ቦታ ሲያኖረውና በየቦታው ግንኙነቱን ሲለውጥበት ነው። በመሆኑም የእናቲቱ ንባብ ስሕተት አይደለም፤ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ጥያቄው ጽሑፉ ከዚያ አልፎ ይሄዳል ወይስ አይሄድም የሚለው ነው።

ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ ከቤቷ ስትወጣ እንደ መነኩሴ መልበሷን ብቻ ብንጠቅስ፣ የያዝነው አንድ ክስተት ነው፤ ለእርሱም የደኅንነት ምክንያት ይበቃል። ነገር ግን ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን እንመልከት። በዛብህ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ ነው፤ ስለቱም ከትዳር የሚያርቀው ማሰሪያ ሆኖ ፍቅሩን በጸጸት ይሞላዋል። ቀጥሎ ሰብለ ወንጌል፣ እርሱን ያሰረው የምናኔ ሕይወት ምልክት የሆነውን ልብስ፣ ወደ እርሱ ለመድረስ መሸሸጊያ ታደርገዋለች። በመጨረሻ በዛብህ ከሞተ በኋላ እርሷ በእውነት ትመነኩሳለች፤ በመቃብሩም አጠገብ ትኖራለች። ማሰሪያ የነበረው መሸሸጊያ፣ መሸሸጊያ የነበረውም እውነት ሆነ። የመንገድ ደኅንነት ሁለተኛውን ክስተት ያስረዳል፤ ሦስቱን በዚህ ቅደም ተከተል የሚያስተሳስራቸውን ለውጥ ግን አያስረዳም። ማስረጃው ያለው ልብሱ ላይ ሳይሆን በዚህ ለውጥ ላይ ነው።

ክስተቶቹን ማሰባሰብ የቋንቋ ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜም ስሕተት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። «መነኩሴ» የሚለውን ቃል ብቻ የሚፈልግ አጥኚ «መነኮሰች»ን፣ «መመንኮስ»ንና «ምንኩስና»ን ያጣል። የአጻጻፍ ልዩነትም አለ፤ «መነኩሴ» እና «መነኵሴ» ለፈላጊ መሣሪያ ሁለት ቃላት ናቸው። እንዲሁም «ቆብ» እና «ስለት» ከሥሩ ጋር በቅርጽ ባይዛመዱም በፍች መስኩ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ፍለጋው በሥር፣ በአጻጻፍ አማራጭና በፍች መስክ መካሄድ አለበት። ከዚያም እያንዳንዱ ክስተት የሚገኝበት ገጽ፣ ተናጋሪውና በዚያ ቦታ የሚሠራው ሥራ ይመዘገባል። ልቦለዱን በትረካ ብቻ የሰማ ሰው ክስተቶቹን ቢያስታውስም ገጻቸውን መጥቀስ አይችልም፤ ስለዚህ ትዝታው ለመነሻ ይጠቅማል እንጂ ለማስረጃ አይበቃም።

መዝገቡ የማይስማማውንም መያዝ አለበት። በተራ የቤተ ክርስቲያን ትዕይንት ውስጥ የሚያልፉ፣ ለሁለቱ ፍቅረኞች ምንም የማይለውጡ መነኮሳት ቢገኙ፣ ቃሉ በወጣ ቁጥር ትእምርት ነው ማለት አይቻልም። ከዚህ የሚከብድም አለ። ፍቅረኞቹን የሚለያያቸው ስለቱ ብቻ አይደለም፤ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራትም ነው፤ ልብሱ ግን ከዚህ ኩራት ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት የለውም። በመሆኑም «ልብሱ የፊውዳሉ ሥርዓት ትእምርት ነው» የሚለው አባባል ከማስረጃው በላይ ይሄዳል። ማስረጃው የሚሸከመው ጠበብ ያለ ነው፦ ልብሱ ለእግዚአብሔር የመሰጠት ትእምርት ነው፤ በዛብህ ሳይመርጠው የታሰረበትን ሰብለ ወንጌል መርጣ ትገባበታለች።

ይህን ለእናቲቱ ባስረዳሁ ጊዜ፣ «እንግዲያ መጀመሪያ የለበሰችው ለመንገድ ነው፤ ኋላ የለበሰችው ግን ለመቅረት ነው» አሉ። የመጀመሪያ ንባባቸውን አልተዉም፤ የኋለኛውን ክስተት ጨመሩበት እንጂ። የትእምርት አባባልም ከግልጹ ፍች ጋር ሊቆም የሚገባው እንደዚሁ ነው፤ ግልጹን ፍች መሻር ካስፈለገው፣ ክስተቶቹን ወደ ኋላ ተመልሶ መመርመር ይገባል።