ፊተኛው ስላይድና ኋለኛው ስላይድ

የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ በሚቀርብበት ቀን አዳራሹ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ የሚታዩት ሁለት ስላይዶች ናቸው፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው። ፈታኞቹ ገብተው እስኪቀመጡ፣ ሰብሳቢው መግቢያውን ተናግሮ እስኪጨርስ የመጀመሪያው ተከፍቶ ይቆያል። ገለጻው አልቆ ጥያቄ ሲጀመር ደግሞ የመጨረሻው ግድግዳው ላይ ይቀራል። መካከለኞቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሁለት ደቂቃ ታይተው ያልፋሉ። ተማሪው ግን የሚደክመው ለመካከለኞቹ ነው፤ ፊተኛውንና ኋለኛውን ዲፌንሱ ሊደርስ ሲል ካለፈው ዓመት ተመራቂ ፋይል ላይ ገልብጦ ስሙን ይቀይራል።

የተለመደው የመጀመሪያ ስላይድ ምን እንደሚመስል የማያውቅ የለም። ከላይ ግራና ቀኝ ሁለት አርማ፣ በመካከላቸው የዩኒቨርሲቲው ስም፣ ከሥሩ ኮሌጁ፣ ትምህርት ክፍሉ፣ የድኅረ ምረቃ ፕሮግራሙ፤ ከዚያ ርዕሱ፤ ከዚያ አዘጋጅ፣ መታወቂያ ቁጥር፣ ዋና አማካሪ፣ ተባባሪ አማካሪ፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረትና ከተማ። ይህ ሁሉ የመጣው ከአንድ ቦታ ነው፦ ከተጠረዘው ጽሑፍ ሽፋን። ሽፋን በእጅ ተይዞ በቅርብ የሚነበብ፣ ቤተ መጻሕፍትም መዝግቦ የሚያስቀምጠው ስለሆነ ዝርዝሩ ይገባዋል። ስላይድ ግን ከክፍሉ ጀርባ የሚነበብ ነው። አሥራ ሁለት መስመር ሲጫንበት ፓወርፖይንት ፊደሉን በራሱ እያሳነሰ ያጠበዋል፤ በመጨረሻ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው የዩኒቨርሲቲው ስም፣ ከሁሉ አንሶ የሚታየው የጥናቱ ርዕስ ይሆናል። ይህን ባዶነት የሚመስል ጥበት ለማድመቅ ጠርዝ፣ ጥላና አበባ ሲጨመር ነገሩ ይብስበታል።

ፈታኙ በዚያ ሰዓት የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ጥናቱ ስለምንድን ነው፣ የማን ነው፣ የትና መቼ ቀረበ። ርዕሱ «የውኃ ማጠጫ ጊዜ ልዩነት በሽንኩርት ምርት ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ፦ የባሕር ዳር ዙሪያ ወረዳ አርሶ አደሮች ሁኔታ» ነው እንበል። የጸደቀ ርዕስ ስለሆነ ቃል መቀየር አይቻልም፤ አቀማመጡን መቀየር ግን ይቻላል። ከሁለት ነጥቡ በፊት ያለው ዋናው ሐሳብ በ40 ነጥብ ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ያለው በ24 ነጥብ ከሥሩ ይቀመጥ። መስመሩም በትርጉም ይቆረጥ፦

የውኃ ማጠጫ ጊዜ ልዩነት
በሽንኩርት ምርት ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ

ለፕሮግራሙ ከተተወ ግን «በሽንኩርት ምርት» አንድ መስመር ላይ፣ «ላይ» የምትለዋ ቃል ብቻዋን ሌላ መስመር ላይ ልትወድቅ ትችላለች። መቁረጫው Shift+Enter ነው፤ Enter ብቻ ከተጫኑ አዲስ አንቀጽ ስለሚሆን ክፍተቱ ይሰፋል።

ከርዕሱ በታች ሰፊ ክፍት ቦታ ይተውና የተማሪው ስም በ24 ነጥብ፣ አማካሪው፣ ትምህርት ክፍሉና ቀኑ በ18 ነጥብ ይስፈሩ። ሁሉም ከግራ በኩል በአንድ ቀጥታ መስመር ይጀምሩ፤ ከጠርዙ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ። አብዛኛው ሰው ጽሑፉን መሐል ማድረግ ይወዳል፤ ርዝመታቸው የተለያየ ስድስት መስመሮች መሐል ሲደረጉ ግን የሁሉም መነሻ ይለያያል፣ ዓይንም በየመስመሩ መጀመሪያውን ይፈልጋል። ጥራት የሚባለው ስሜት ብዙውን ጊዜ ከዚህች አንዲት ቀጥታ መስመር የሚመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

አርማ አንድ ይበቃል፤ ከፍታው 2 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። ከኢንተርኔት የወረደ አርማ ብዙ ጊዜ ነጭ ሳጥን ይዞ ስለሚመጣ ቀለም ባለው ስላይድ ላይ እንደ ተለጠፈ ወረቀት ይታያል፤ ጀርባው ክፍት የሆነውን የPNG ፋይል ይፈልጉ። ሲያሳድጉም ከማዕዘኑ ይጎትቱ፤ ከጎኑ ከተጎተተ ክቡ አርማ እንቁላል ይሆናል። ትምህርት ክፍሉ መታወቂያ ቁጥርና የኮሌጅ ስም የግድ ካለ፣ በትንሽ ፊደል ከታች በአንድ መስመር ይደርደሩ።

ፊደላችን የራሱ ጠባይ አለው። ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን አንዱን ጽሑፍ ከሌላው የምንለየው በመጠን፣ በውፍረትና በቀለም ነው። እዚህ ላይ ናያላ ችግር አለበት፤ ውፍረቱ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። B የሚለውን ሲጫኑ ፕሮግራሙ ፊደሉን በራሱ ያወፍረዋል፤ እንደ «ቋ» እና «ጯ» ያሉ ፊደላት ቀዳዳቸው ይደፈንና ከሩቅ ጥቁር ነጠብጣብ ይመስላሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነጻ የሚገኝ ሲሆን በትክክል የተሳለ ወፍራም ፊደልም አለው። በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀትም ይታይ፤ ፓወርፖይንት ለርዕስ የሚሰጠው የተለመደው ልክ 0.9 ነው፣ ለላቲን የታሰበ። ለእኛ 1.0 ወይም 1.1 ይሻላል፤ አለዚያ የላይኛው መስመር እግርና የታችኛው ራስ ይነካካሉ። ፊደል ማጋደሉም ይቅር።

ወደ ኋለኛው ስላይድ ስንመጣ፣ ጽጌረዳ ላይ የተጻፈ «አመሰግናለሁ» ነው የሚጠብቀን። ምስጋና በአፍ ሲነገር ያምራል፤ ለፈጣሪም ለአማካሪም የሚገባው በጽሑፉ የምስጋና ገጽ ሰፍሯል። ጥያቄ እየተጠየቀ ባለበት ሰዓት ሁሉ ግድግዳው ላይ መቆየት ያለበት ግን የጥናቱ መልስ ነው፤ ፈታኝ የሚጠይቀው ዓይኑ ከሚያየው ተነሥቶ ነውና። ስለዚህ ከላይ በ32 ነጥብ ግኝቱ በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ለሽንኩርቱ ጥናት፣ ውጤቱ ያንን የሚል ከሆነ፣ «ውኃን በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ያጠጡ አርሶ አደሮች የተሻለ ምርት አግኝተዋል» ሊሆን ይችላል። ከሥሩ በ24 ነጥብ ሦስት አጫጭር መስመሮች ይከተሉ፦ በምን ዘዴ እንደ ተጠና፣ ግኝቱ የት ላይ እንደማይሠራ፣ ምን እንደሚመከር። ከታች ስምና ኢሜይል። የግራው መስመርና ቀለሙ ከመጀመሪያው ስላይድ ጋር አንድ ይሁን።

ሌላም ጥቅም አለው። ሠንጠረዦቹን ከመጨረሻው ስላይድ በኋላ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ጥያቄ ሲመጣ የስላይዱን ቁጥር ጽፎ Enter መጫን በቀጥታ ያደርሳል። የመጨረሻውን ስላይድ ደግሞ አንድ ጊዜ ደግመው ያስገቡት፤ እጅ ሳያስቡት አንዴ ቢጫን ሠንጠረዡ በድንገት አይከፈትም።

ቀለም በላፕቶፕ ላይ ታይቶ አይታመንም። መስኮቱ መጋረጃ በሌለው ክፍል ውስጥ የጠቆረ ስላይድ ይገረጣል፣ ግራጫ ጽሑፍም ይጠፋል፤ በነጭ ላይ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይጸናል። ፋይሉን ሲያስቀምጡም File፣ Options፣ Save ገብተው Embed fonts in the file የሚለውን ያብሩ፤ አለዚያ የአዳራሹ ኮምፒውተር ፎንቱን በሌላ ይተካና በጥንቃቄ የቆረጧቸው መስመሮች ይፈርሳሉ። የPDF ቅጂም በዚያው ፍላሽ ላይ ይኑር። ከተቻለ ከአንድ ቀን በፊት አዳራሹ ገብተው ሁለቱን ስላይዶች ብቻ በፕሮጀክተሩ ይክፈቱና መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያንብቧቸው።