ምልክቱን የሚወስነው ግማሹ አንግል ነው

በትሪጎኖሜትሪ ፈተና ቁጥሩን በትክክል አስልተው በምልክቱ ብቻ ነጥብ የሚያጡ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። ስህተቱ በአብዛኛው የሚፈጠረው በግማሽ አንግል ቀመሮች ላይ ነው።

sin(θ/2) = ±√((1 − cos θ)/2)
cos(θ/2) = ±√((1 + cos θ)/2)

± መኖሩ ሁለት መልስ አለ ማለት አይደለም። አንግሉ ከታወቀ መልሱ አንድ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን ቀመሩ አይነግረንም። የሳይኑ ቀመር የሚወጣው cos θ = 1 − 2sin²(θ/2) ከሚለው ነው፤ እዚያ ሳይኑ በራሱ ተባዝቷል። 3/5ም ሆነ −3/5 በራሱ ሲባዛ 9/25 ስለሚሆን ምልክቱ እዚያው ይጠፋል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ቶለሚ ይህ አላስቸገረውም። ከ12 ዲግሪ ተነስቶ እያጋመሰ እስከ ¾ ዲግሪ ሲወርድ ያሰላ የነበረው በክብ ውስጥ የተሰመሩ መስመሮችን ርዝመት ነው፤ ርዝመት ደግሞ ኔጋቲቭ አይሆንም።

አንድ ጥያቄ እንሥራ። cos θ = 7/25 ነው፤ θ ከ270° እስከ 360° ባለው ውስጥ፣ ማለትም በ4ኛው ኳድራንት ይገኛል። ብዙዎች እዚህ ላይ «4ኛው ኳድራንት ውስጥ ኮሳይን ፖዘቲቭ፣ ሳይን ኔጋቲቭ» ብለው ይጽፋሉ። ያ ግን የθ ምልክት ነው፤ የተጠየቀው የግማሹ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ወሰኑን ለ2 እናካፍል፦ θ/2 ከ135° እስከ 180° ባለው ውስጥ ይወድቃል። ይህ 2ኛው ኳድራንት ነው፤ ሳይን ፖዘቲቭ፣ ኮሳይን ኔጋቲቭ ነው። አሁን ማስላት ይቻላል፦

sin(θ/2) = √((1 − 7/25)/2) = 3/5
cos(θ/2) = −√((1 + 7/25)/2) = −4/5

ለማረጋገጥ ሁለቱን አባዝተን በ2 እናብዛ፤ ውጤቱ sin θ ነው፦ −24/25። በ4ኛው ኳድራንት ሳይን ኔጋቲቭ ስለሆነ ይስማማል። ኮሳይኑን +4/5 ብንል ኖሮ +24/25 ወጥቶ θን ወደ 1ኛው ኳድራንት ይወስደው ነበር።

ይህ ማረጋገጫ የማይደርስበት አንድ ቦታ አለ። ያው አንግል ከ−90° እስከ 0° ባለው ወሰን ቢሰጥስ? ኳድራንቱ አሁንም 4ኛው ነው። ግማሹ ግን ከ−45° እስከ 0° ይሆንና ሳይኑ −3/5፣ ኮሳይኑ +4/5 ይሆናል። ሁለቱም ምልክቶች አብረው ስለተገለበጡ ብዜታቸው አይለወጥም፤ ማረጋገጫውም ልዩነቱን አያይም። ስለዚህ «4ኛው ኳድራንት» የሚለው ስም ብቻውን አይበቃም፤ የአንግሉ ወሰን በዲግሪ መታወቅ አለበት።

የተፈለገው ታንጀንቱ ብቻ ከሆነ ግን ምልክት መምረጥ አያስፈልግም። tan(θ/2) = sin θ/(1 + cos θ) የሚለው ቀመር ስኩዌር ሩት የለበትም፤ በሁለቱም ወሰኖች −3/4 ይሰጣል።