የጥር ሠርግ በሐምሌ ይጀመራል

ሽማግሌዎቹ እሺታ አግኝተው ከወጡ በኋላ ቤተሰቡ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የአጽዋማቱን ቀን ነው። በኦርቶዶክስ ቤት በጾም ሠርግ አይደገስም። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ይዘልቃል። ስለዚህ ብዙው ሰው ልጁን የሚድረው ጥር 11 ከሚውለው ከጥምቀት በኋላ፣ ነነዌ ከመግባቷ በፊት ባለው ጊዜ ነው። ነነዌ ደግሞ በየዓመቱ ቀኗ ይለዋወጣል፤ ከጥር 17 አትቀድምም፣ ከየካቲት 21 አታልፍም። በ2018 ጥር 25 ላይ ነበረች፤ በዚያ ዓመት ለሠርግ የተረፈው ሁለት ሳምንት ብቻ ሆኖ ድንኳኑም ወጥ ሠሪውም ቪዲዮ አንሺውም በአንድ ጊዜ ተፈለገ። በ2019 ግን ነነዌ የምትገባው የካቲት 15 በመሆኑ አምስት ሳምንት ገደማ ይገኛል።

አዲስ አበባ ውስጥ፣ እሑድ ጥር 16 ቀን 2019 ልጇን በግቢዋ ድንኳን ተክላ የምትድር አንዲት እናት አለች እንበል፤ የምትጠራው ሰው 400 ነው። ይህች እናት ሥራዋን በሐምሌ መጀመር አለባት።

ሐምሌ የንግግር ወር ነው። ከወንዱ ቤተሰብ ጋር ቀኑ ይቆረጣል፤ ከቀኑ እኩል መቆረጥ ያለበት የአጃቢው ቁጥር ነው። ሙሽራው 30 አጃቢ ይዞ ይመጣል ተብሎ 70 ቢመጣ የሚጎድለው የሴቷ ቤት ድግስ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ በሽማግሌዎች ፊት ይነገር፣ ይጻፍም። ጋብቻው በተክሊል ከሆነ የሁለቱም የንስሐ አባቶች አሁኑኑ ይነገራቸው። አሜሪካና አውሮፓ ላለው ዘመድ በዚሁ ወር ይደወላል፤ የገናና የጥምቀት ሰሞን የአውሮፕላን ቲኬት እየተወደደ ይሄዳልና።

ነሐሴና መስከረም የእድርና የቀብድ ወራት ናቸው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስትና ሳህን ከእድር ይገኛል። ነገር ግን እድር የተቋቋመው ለሐዘን ነው። በሠርጉ ዋዜማ ሰፈሩ ውስጥ ሰው ቢሞት ድንኳኑ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳል፤ በዚህም ማንም ሊቆጣ አይችልም። ስለዚህ ሁለተኛ ድንኳን ከየት እንደሚመጣ፣ ከሌላ እድር ይሁን ከአከራይ፣ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ለወጥ ሠሪዋም ቀብድ የሚከፈለው በዚህ ጊዜ ነው። ቀሚሱ፣ መኪናውና ፎቶው ገንዘብ ካለ በጥቅምትም ይደርሳሉ።

ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ ስትጠነክር፣ በጥቅምት፣ በርበሬው ይገዛል። ዛላው ተቀንጥሶ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ተደልሆ እንደገና ሲሰጣ የጥቅምት ፀሐይ በጥቂት ቀን ያደርቀዋል። በክረምት ለመጨረስ የቸኮለች ሴት በርበሬዋ ይሻግትባታል። እጅ ሲነካው ለስለስ ካለ ገና ነው፤ ታጥፎ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ወፍጮ ቤት ይሂድ።

ኅዳር ቅቤ የሚገዛበት ወር ነው። ጾሙ ከገባ በኋላ ፈላጊው ይቀንሳል፤ ታኅሣሥ ሲጋመስ ግን ለገና የሚገዛው ሁሉ ወደ ገበያ ይወጣል፣ ዋጋውም አብሮት ይወጣል። በኅዳር መጨረሻ የተገዛ ቅቤ በኮሰረትና በኮረሪማ ተነጥሮ ከተከደነ እስከ ጥር ያለ ችግር ይቆያል። በማዘጋጃ ቤት የሚፈራረሙም ከሆነ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ተጋቢዎቹ ሐሳባቸውን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት እንዲያሳውቁ ስለሚጠይቅ፣ ኅዳር ሳያልቅ መሄድ ይሻላል።

በታኅሣሥ ትልቁ ሥራ ጠጁ ነው። ከ400 እንግዳ ግማሹ ጠጅ ይጠጣል፣ እያንዳንዱም ግማሽ ሊትር ያህል ቢቀዳለት 100 ሊትር ያስፈልጋል። አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ስለሚበጠበጥ ከ20 እስከ 25 ሊትር ማር መግዛት ነው። የታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ስለሚከፋ ጠጁ ቶሎ አይፈላም፤ ስለዚህ ታኅሣሥ 20 አካባቢ ቢጣል ለጥር 16 በጊዜው ይደርሳል። ዘግይቶ የተጣለ ጠጅ እየጣፈጠ ሆድ ይነፋል። ጠላው በተቃራኒው ከቀደመ ይሆመጥጣል፤ ጥንስሱ የጥር መባቻን ይጠብቅ።

የጥሪ ካርዱ ከሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ገና ሲቃረብ ይታደላል። ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ከነቤተሰብዎ» ተብሎ የተጻፈ 200 ካርድ 400 ሰው ያመጣል ብሎ የሚያስብ አለ፤ ልጆቹን፣ የእህቱን ልጅና ከገጠር የመጣውን እንግዳ ይዞ የሚመጣውን ስንቆጥር ግን 600 ሊሞላ ይችላል። ይህች እናት የጥሪ ዝርዝሯን በካርድ ሳይሆን በሰው ትቁጠር፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ስንት ሰው እንደሚመጣ ትጻፍ። በዚያውም ሙስሊም ዘመድና ጎረቤት ለብቻ ይቆጠሩ። ሥጋቸው በሙስሊም እጅ የሚታረድ፣ ድስቱ፣ ጭልፋውና አስተናጋጁም የተለየ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት የሚታሰብ ነገር አይደለም። ለአክስትና ለአጎት ካርዱን በቴሌግራም መላክ ደግሞ ቅያሜ ያመጣል፤ እግር ሄዶ ይስጥ።

ከጥምቀት በኋላ የቀረው አንድ ሳምንት አይሞላም። አንድ ዶሮ 12 ብልት ያወጣል፤ ለአንድ እንግዳ አንድ ብልት ቢደርሰው 34 ዶሮና 400 እንቁላል ማለት ነው። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ያህል ሽንኩርት ከተያዘ 70 ኪሎ ሽንኩርት ይላጣል። ጥር 14 አርብ ነው፤ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው በዘይት ቁሌቱን ያቁላሉ፤ ቅቤው የሚገባው ቅዳሜ ነው። (አርብ ቅቤ ቢገባበት ከጿሚዎቹ መሃል «ጨው አንሶታል» የምትል ሴት ከየት ይመጣል?) ዶሮው ቅዳሜ ታርዶ፣ ተገንጥሎ፣ በሎሚ ታጥቦ ቁሌቱ ውስጥ ይገባል።

እንጀራውን ግን በቤት ምጣድ አልጨርሰውም ማለት ነውር አይደለም። ለአንድ ሰው ሁለት እንጀራ ቢታሰብ 800 ነው፤ አንድ ምጣድ በሰዓት 20 ያህል ቢያወጣ አንዲት ሴት 40 ሰዓት ትቆማለች። ከጎረቤት ስምንት ምጣድ ቢገኝ ቅዳሜ በአምስት ሰዓት ያልቃል፤ ካልተገኘ ለእንጀራ ጋጋሪ ቀደም ብሎ ማዘዝ ነው።

እሑድ ጠዋት ሙሽሮቹ በተክሊል የሚቆርቡ ከሆነ ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ እህል ውሃ አይቀምሱም። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ፎቶው ከመጀመሩ በፊት፣ የሚቀመስ ነገር ይዘጋጅላቸው።

መልሱ ማክሰኞ ጥር 18 ይሁን። በማግስቱ ረቡዕ ጾም ስለሆነ የተረፈው ሥጋና ዶሮ የዚያኑ ማታ በየሳህኑ ተከፋፍሎ ለጎረቤትና ለረዳቶች ይላካል። ረቡዕ ጠዋት የእድሩ ንብረት ጠባቂ መጥቶ ሳህኑን ሲቆጥር የጎደለውን የምትተካው ደጋሿ ናት፤ ስለዚህ ስትረከብ የተጻፈውን ወረቀት አትጣለው።