ቁጥሩ ቀድሞ ይደርሳል፣ አቅጣጫው ይዘገያል

በ1933 እ.ኤ.አ. በኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሀሮልድ ሆቴሊንግ በአንድ የትምህርት ሥነ ልቦና መጽሔት ላይ ረዘም ያለ ጥናት አወጣ። ለማሳያ የተጠቀመበት ጉዳይ ቀላል ነው። 140 የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች አራት ፈተና ተፈትነዋል፤ ሁለቱ የንባብ፣ ሁለቱ የሒሳብ። በየትምህርቱ አንደኛው ፈተና ፍጥነትን፣ ሁለተኛው ችሎታን ይለካል። የአንድ ልጅ አራት ውጤቶች በአንድ ነጥብ ይጠቅለሉ ቢባል፣ በልጆቹ መካከል ያለውን ልዩነት ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው ነጥብ እንዴት ይገኛል?

መነሻው ፈተናዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው። ቅደም ተከተሉ የንባብ ፍጥነት፣ የንባብ ችሎታ፣ የሒሳብ ፍጥነት፣ የሒሳብ ችሎታ ነው፦

```
1.000   0.698   0.264   0.081
0.698   1.000  -0.061   0.092
0.264  -0.061   1.000   0.594
0.081   0.092   0.594   1.000
```

ከላይ ግራ እስከ ታች ቀኝ በአንዶቹ ላይ መስመር ቢሰመር፣ ከመስመሩ በላይ ያለው ከታች ካለው ጋር አንድ ነው። ንባብ ከሒሳብ ጋር ያለው ዝምድና ሒሳብ ከንባብ ጋር ካለው ሊለይ አይችልማ። እንዲህ ያለው ማትሪክስ ሲሜትሪክ ይባላል።

ማትሪክሱ አራት ቁጥር ተቀብሎ አራት ቁጥር ይመልሳል። በአብዛኛው የሚመልሰው ከተቀበለው የተለየ መጠንም የተለየ አቅጣጫም ይኖረዋል። ጥቂት ልዩ አቅጣጫዎች ግን አሉ፦ በእነሱ በኩል የገባው ሳይጣመም ይወጣል፣ ይለጠጣል ወይም ያጥራል እንጂ። የሚለጠጥበት ልክ አይገንቫልዩ ነው። ሆቴሊንግ የፈለገው ነጥብ ትልቁ አይገንቫልዩ ያለበት አቅጣጫ ላይ ይገኛል።

የማግኛው መንገድ ሲያዩት ከስሌት ይልቅ ትዕግሥት ይመስላል። ሪቻርድ ፎን ሚሰስና ሂልዳ ፖላቼክ-ጋይሪንገር በ1929 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ዘዴ እንዲህ ይላል፦ የፈለጉትን አራት ቁጥር ይዘው በማትሪክሱ ያባዙ፤ የወጣውን ሁሉ ለትልቁ ቁጥር ያካፍሉ፤ በተገኘው እንደገና ያባዙ። በየዙሩ ትልቁ አይገንቫልዩ የራሱን ድርሻ ከሌሎቹ አብልጦ ስለሚያሳድግ፣ በመጨረሻ ሌሎቹ ተውጠው እሱ ብቻ ጎልቶ ይቀራል።

ከ1፣ 1፣ 1፣ 1 ይጀመር። በአንድ ማባዛት ለውጥ ስለማያመጣ የመጀመሪያው ዙር የየረድፉ ድምር ብቻ ነው፦ 2.043፣ 1.729፣ 1.797፣ 1.767። ሁሉም ለ2.043 ሲካፈል 1፣ 0.846፣ 0.880፣ 0.865 ይሆናል። ሁለተኛው ዙር 1፣ 0.829፣ 0.849፣ 0.817 ይሰጣል። ሦስተኛው ደግሞ 1፣ 0.830፣ 0.828፣ 0.791።

አይገንቫልዩውን ለመገመት የገባውና (ሳይካፈል በፊት) የወጣው ቁጥር ጥንድ በጥንድ ተባዝቶ ይደመራል፤ ድምሩ ለገቡት ቁጥሮች የካሬ ድምር ይካፈላል። በሦስቱ ዙሮች የተገኘው 1.834፣ ከዚያ 1.844፣ ከዚያ 1.846 ነው። ሆቴሊንግም ያገኘው 1.846 ነው። የአራቱ ፈተናዎች አጠቃላይ ልዩነት 4 ተብሎ ስለሚቆጠር፣ ይህ አንድ ነጥብ ብቻውን 46 በመቶውን ይይዛል ማለት ነው።

እዚህ ላይ እርሳሱን ማስቀመጥ ያጓጓል። ስህተቱም የሚጀምረው እዚህ ነው።

ትክክለኛው አቅጣጫ በግምት 1፣ 0.85፣ 0.75፣ 0.71 ነው። በሦስተኛው ዙር የተገኘው የሒሳብ ፍጥነት ቁጥር ግን 0.828 ነበር፤ ገና ሩቅ ነው። አይገንቫልዩው ከትክክለኛው 1.847 እምብዛም ሳይርቅ አቅጣጫው ገና መንገድ ላይ ነው። ምክንያቱ ማትሪክሱ ሲሜትሪክ መሆኑ ነው፦ በአቅጣጫው ላይ ያለ ትንሽ ስህተት አይገንቫልዩው ላይ የሚታየው በካሬው ነው፤ የመቶኛ ስህተት የዐሥር ሺኛ ያህል ሆኖ ይሸሸጋል። ስለዚህ ቁጥሩ መንቀሳቀስ አቆመ ብሎ ማመን ያታልላል። የሚሻለው ፍተሻ የወጣውን አራት ቁጥር፣ የገባው በአይገንቫልዩው ተባዝቶ ከሚሰጠው ጋር አንድ በአንድ ማስተያየት ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ በተገኘው አቅጣጫ ይህ ቢደረግ ልዩነቱ እስከ 0.03 ይደርሳል። ዜሮ አይደለም፤ ሥራው አላለቀም።

ምን ያህል ይቀራል? መልሱ በሁለተኛው አይገንቫልዩ ላይ ይንጠለጠላል። እሱ 1.464 ነው፤ ለ1.847 ሲካፈል 0.79 ይመጣል። በየዙሩ የአቅጣጫው ስህተት ወደ 0.79 እጁ ብቻ ይቀንሳል፤ አንድ ተጨማሪ አኀዝ ለማጥራት ዐሥር ያህል ዙር ይጠይቃል። በእጅ ለሚያሰላ ሰው ይህ አድካሚ ነው። ሆቴሊንግ በ1936 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ማቅለያ ማትሪክሱን ራሱን በራሱ ማባዛት ነበር። ማትሪክሱ ሦስት ጊዜ ወደ ካሬ ሲነሳ አንድ ማባዛት የስምንት ዙር ሥራ ይሠራል፤ 0.79ም ወደ 0.16 ይወርዳል።

አቅጣጫው ከጠራ በኋላ ማስተንፈስ ይከተላል፤ ቃሉ ከጎማ ጥገና የተወሰደ ይመስላል፣ ሥራውም ይመሳሰላል። የተገኘው አቅጣጫ ርዝመቱ አንድ እንዲሆን ተደርጎ፣ እያንዳንዱ ጥንድ ተባዝቶ፣ በ1.847 ተባዝቶ፣ ከማትሪክሱ ይቀነሳል። በሲሜትሪክ ማትሪክስ ልዩ አቅጣጫዎቹ እርስ በርስ ቀጥ ያለ ማዕዘን ስለሚሠሩ፣ የአንዱ መቀነስ ሌሎቹን አይነካም። የመጀመሪያው አይገንቫልዩ ዜሮ ይሆናል፤ ቀሪዎቹ እንዳሉ ይቆያሉ።

የቀረው ሰንጠረዥ ሲታይ ታሪኩ ይለወጣል። የንባብ ፍጥነትና የሒሳብ ችሎታ በመጀመሪያ 0.081 ነበሩ፤ አሁን -0.39 ሆነዋል። ንባብን ከሒሳብ ጋር የሚያገናኙት አራቱም ቁጥሮች ከዜሮ በታች ናቸው። ሁለቱ የንባብ ፈተናዎች እርስ በርስ፣ ሁለቱ የሒሳብም እርስ በርስ ግን አሁንም ይስማማሉ። የጋራ ብርታቱ ከተወሰደ በኋላ የቀረው ዋና ልዩነት ሒሳብ የሚቀናውን ልጅ ንባብ ከሚቀናው የሚለየው ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን ከ1፣ 1፣ 1፣ 1 መጀመር አያስኬድም፤ ከሚፈለገው አቅጣጫ ጋር እምብዛም ስለማይተባበር ዙሮች ይባክናሉ። ከ1፣ 1፣ -1፣ -1 ቢጀመር የመጀመሪያው ዙር 1.434 ይሰጣል፤ ከ1.464 ብዙም አይርቅም። ቀጣዩ አይገንቫልዩ 0.522 ብቻ ስለሆነ የአቅጣጫው ስህተት በየዙሩ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በብዙ ይፈጥናል። ሁለቱ ነጥቦች በአንድነት 83 በመቶውን ልዩነት ይይዛሉ።

የተጣደፈ ሰው ዋጋውን የሚከፍለው እዚህ ነው። የመጀመሪያው አቅጣጫ ሳይጠራ ከተቀነሰ፣ ርዝራዡ በሰንጠረዡ ውስጥ ይቀርና ወደ ሁለተኛው ይገባል፤ የሁለተኛው ጥፋት ወደ ሦስተኛው፣ እያለ ይከማቻል። በዚህ የተነሳ ዘዴው ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት አይገንቫልዩዎች ይመቻል፤ ሁሉንም በተራ ለማውጣት ግን አይመከርም። ሺህ በሺህ የሆነና አብዛኛው ዜሮ የሆነ ማትሪክስ ሲገጥም ደግሞ መቀነሱ ራሱ ባዶ ቦታዎቹን በቁጥር ይሞላል። በዚህ ጊዜ ማትሪክሱ አይነካም፤ በየዙሩ ከቬክተሩ ላይ የተገኘው አቅጣጫ ድርሻ ይነሳለታል።

በአራት ፈተና ግን አራቱንም ማውጣት ይቻላል፤ ለመፈተሽም ቀላል ነው። በአንዶቹ መስመር ላይ ያለው ድምር 4 ስለሆነ የአይገንቫልዩዎቹም ድምር 4 መሆን አለበት። 1.847፣ 1.464፣ 0.522 እና 0.166 ሲደመሩ 3.999 ይመጣል፤ የጎደለችው አንዷ ሺኛ አኀዞቹ ሲጠጋጉ የቀረች ናት።