ሀብሉ ቢበጠስ ይጠገናል ወይ?

ሀብል የሚገዛ ሰው ወርቅ ቤት ገብቶ ግራሙንና ካራቱን ይጠይቃል። ቢበጠስ ይጠገን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ለዚህ ጥያቄ መልሱን የሚሰጠው ደግሞ ካራቱ ሳይሆን የሀብሉ አሠራር ነው።

ወርቅ ሠሪ የተበጠሰን ሀብል የሚያያይዘው በመበየጃ ወርቅ ነው። መበየጃው ሀብሉ ከተሠራበት ወርቅ ባነሰ ሙቀት እንዲቀልጥ ተደርጎ የተቀላቀለ ነው። ሲቀልጥ ጠባብ ክፍተት ባገኘበት ሁሉ ራሱን እየሳበ ይገባል። ሥራውን የሚያቃናውም የሚያበላሸውም ይኸው ጠባዩ ነው።

ከርብ የሚባለው፣ ቀለበቶቹ ተጠምዝዘው ጠፍጥፈው የሚተኙት ሀብል፣ ለዚህ የተመቸ ነው። እያንዳንዱ ቀለበት ከጎረቤቱ ጋር በቂ ክፍተት ስላለው ሠሪው የተበጠሰውን ብቻ ገጥሞ ይበይደዋል፤ ካጸዳውና ከወለወለው በኋላ ቦታው የት እንደነበረ እንኳ መለየት ያስቸግራል።

ስኔክን እንውሰድ። እንደ እባብ ልስልስ ብሎ የሚታየው ቀጫጭን ቅርፊቶቹ ክፍተት በሌለው ሁኔታ ተጠጋግተው ስለተያያዙ ነው። መሐል ላይ ተበጥሶ ሲበየድ መበየጃው ከስብራቱ አልፎ በየቅርፊቱ መካከል ይሰርጋል፤ ያ ክፍል እንደ ሽቦ ይደርቃል። አንገት ላይ ሲውል የደረቀው አልታጠፍ ስለሚል ጫናው ሁሉ በደረቀውና በለስላሳው ድንበር ላይ ያርፋል፤ ቀጣዩ ስብራትም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያው አጠገብ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ ሁለቱን ጫፎች በትንንሽ ቆብ ሸፍኖ በቀለበት ያገናኛቸዋል። መልኩ ይቀየራል እንጂ ሀብሉ ይታጠፋል። ስብራቱ ከመቆለፊያው አጠገብ ከሆነ ግን ቆርጦ ማሳጠር ይሻላል።

ስኔክ አንዴ በኃይል ከተቀጨ ምልክቱ አይለቅም፤ ለማቃናት መጎተትም ቅርፊቶቹን ያላቅቃል። ቦክስ፣ ባለ አራት ማዕዘን ቀለበቶቹ፣ ለክብደቱ ጠንካራ ነው። ቀጭኑ ግን ቀለበቱ ሲጣመም ይነክሳል፤ ሲበየድም ጥንቃቄ ካልተደረገ ጎረቤቱን ይይዛል።

ሮፕ ላይ እያንዳንዱ ቀለበት ብዙ ቀለበቶችን አቅፎ ስለሚዞር፣ ድፍን ከሆነ ክብደት በደንብ ይችላል፤ በቀላሉም አይቀጭም። ችግሩ አንዱ ቀለበት ሲሄድ ጠመዝማዛው መፈታቱ ነው፤ መልሶ ማስተካከልም ጊዜ ይወስዳል። ውስጡ ባዶ የሆነው ሮፕ ደግሞ ወፍራም መስሎ ሲይዙት ቀላል ነው። ቆዳው ስስ ስለሆነ ይሰረጉዳል፤ እሳትም ቶሎ ያቀልጠዋል። እኔ ብጠየቅ አልገዛውም።

ከባድ መስቀል የምታንጠለጥሉ ከሆነ ድፍን ከርብ ወይም ወፈር ያለ ቦክስ ምረጡ፤ ስኔክን ብቻውን አድርጉት፣ ስትተኙም አውልቁት። የትኛውንም ብትመርጡ አልፎ አልፎ መቆለፊያው የተያያዘበትን የመጨረሻውን ቀለበት ተመልከቱ። ተበልቶ ከሳሳ ሳይበጠስ ይቀየርላችሁ፤ ይህ ጥገና ለማንኛውም ዓይነት ሀብል ቀላል ነው።