«ተለማማጅ ነህ» ስለተባልክ ብቻ ሠራተኛ አይደለህም ማለት አይደለም

ከጦርነቱ በፊት ካርቱም ውስጥ አንድ ጋራዥ ሰባት ወር ሠርቻለሁ። ባለቤቱ ሲቀበለኝ «ሙያ ልትለምድ ነው የመጣኸው፣ ደሞዝ የለህም» አለኝ። እሺ ብዬ ገባሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት እከፍታለሁ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እዘጋለሁ። ምሳ ፉል ያበላኛል፣ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ትንሽ ገንዘብ በባንካክ ይልክልኛል። ከሦስተኛው ወር በኋላ ፍሬን ብቻዬን እቀይር ነበር፤ ደንበኛው የሚከፍለው ግን ለእሱ ነው። ደሞዝ ስጠይቀው «ተማሪ ደሞዝ ይጠይቃል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

እኔም ያኔ እውነቱን መስሎኝ ዝም አልኩ። በኋላ እንደተረዳሁት ግን በ1997 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሱዳን የሥራ ሕግ ሠራተኛ የሚለው በአሠሪ ቁጥጥር ሥር ሆኖ በክፍያ የሚሠራን ሰው ነው። ውሉ በቃል ቢሆንም ውል ነው። ለሥልጠና ወይም ለሙከራ የገባ ሰውም በክፍያ እስከሠራ ድረስ ከዚህ አይወጣም። የሙከራ ጊዜም ቢሆን ከሦስት ወር አይበልጥም።

ስለዚህ ወሳኙ የተሰጠን ስም ሳይሆን የምንሠራው ነገር ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2006 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 198ም ይህንኑ ይላል። በእኔ ጉዳይ ሰዓቱን የሚወስነው ባለቤቱ ነበር፤ ገንዘብ ይሰጠኝ ነበር፤ ከሥራዬም ገቢ ያገኝ ነበር። ይህ ትምህርት ብቻ አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን እየሄድኩ ሌላ ሰው ሲሠራ ባይና ምንም ባልቀበል ኖሮ ግን ሠራተኛ ነኝ ለማለት ይከብደኝ ነበር።

ካምፕ ውስጥ «በጎ ፈቃደኛ» ተብላችሁ በወር ኢንሴንቲቭ የምትቀበሉትም ይህንኑ መጠየቅ ትችላላችሁ። በፈቃዴ መቅረት እችላለሁ? ወይስ ብቀር ይቆረጥብኛል? የሚሰጠኝ የትራንስፖርት ወጪዬን የሚተካ ነው ወይስ የሥራዬ ዋጋ ነው? መቅረት የሚያስቆርጥ ከሆነና ክፍያው የሥራው ዋጋ ከሆነ፣ ነገሩ ወደ ቅጥር ያደላል። ሆኖም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በአገሩ ፍርድ ቤት ያለመከሰስ ከለላ ስላላቸው አቤቱታ የሚቀርበው በራሳቸው የቅሬታ መንገድ ነው።

ሕጉ ሁሉን አይሸፍንም። የቤት ሠራተኞች ከ1997ቱ ሕግ ውጭ ናቸው፤ ለእነሱ የ1955 ሕግ አለ። የውጭ ዜጋ ደግሞ የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ለመክሰስ ይፈራል፣ አሠሪውም ፍርሃቱን ያውቀዋል።

ለዚህ ነው ማስረጃ ከመጀመሪያው ቀን መያዝ ያለበት። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በደብተር ጻፉ። ገንዘብ የተላከበትን መልእክት አታጥፉ። አብሯችሁ የሚሠራ ሰው ስልክ ያዙ። እኔ የባንካኩን መልእክቶች ከነስልኬ በሽሽት መንገድ ላይ አጣኋቸው፤ ሰባት ወር መሥራቴን የሚያሳይ አንድ ወረቀት እንኳ የለኝም።