ሽፋኑ 36 ሺህ ይላል፣ ቪዲዮው 10 ሺህ

ዩቲዩብ ላይ በአማርኛ "አዋጭ ሥራ" ብላችሁ ብትፈልጉ፣ የብር መጠን በትልቁ የተጻፈበት የሽፋን ምስል ቶሎ ያጋጥማችኋል። ዩቲዩበሮቹ "ታምብኔል" የሚሉት ነው። ከሥሩ ርዕሱ አለ። ተመልካቹ ሁለቱን በአንድ ዓይን አንብቦ፣ "ይሄን ከከፈትኩ ይሄን አገኛለሁ" ብሎ ይወስናል። ሽፋኑና ርዕሱ አንድ ላይ አንድ ቃል ይገባሉ ማለት ነው። ጥያቄው ቪዲዮው ያንን ቃል ይከፍላል ወይ ነው።

እስቲ አንድ ቪዲዮ በሐሳባችን እንሥራ። ቢሾፍቱ ያለች ወጣት 100 የ45 ቀን ቄብ ዶሮዎች ገዝታ እንቁላል ጣይ ታረባለች። ቪዲዮው 12 ደቂቃ ነው። ልጅቷ ደብተሯን ገልጣ ሒሳቡን ታሳያለች። በቀን 80 እንቁላል፣ አንዱን በ15 ብር ብትሸጥ በወር 36 ሺህ ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ ለመኖ 21 ሺህ፣ ለመድኃኒት፣ ለመብራትና ለሠራተኛ 5 ሺህ ሲቀነስ እጇ ላይ የሚቀረው 10 ሺህ ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አድርጋችሁ አትውሰዷቸው። አንድ ነገር ግን እውነት ነው፦ እንቁላል ጣይ ዶሮ መጣል የምትጀምረው ከ18 እስከ 20 ሳምንት ሲሞላት ነው። በ45 ቀኗ የተገዛች ቄብ 3 ወር ገደማ መኖ እየበላች ምንም አትሰጥም። ልጅቷ ይህንንም በ9ኛው ደቂቃ ላይ ትናገራለች።

አሁን ሽፋንና ርዕስ እንስጠው።

የመጀመሪያው ሙከራ ብዙ ጊዜ የምናየው ዓይነት ነው። ሽፋኑ "በዶሮ እርባታ ሀብታም ሆነች!" ይላል፤ ርዕሱም "በዶሮ እርባታ ሀብታም የሆነችው ወጣት"። እዚህ ላይ ሁለቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ደገሙ እንጂ ተጨማሪ ነገር አልተናገሩም። ያለቻችሁ ቦታ ጠባብ ናት፣ ግማሿ ባከነች። ደግሞም ሀብታም አልሆነችም።

ሁለተኛው ሽፋን "በወር 36 ሺህ ብር!" ይላል፤ ርዕሱ "በ100 ዶሮ የሚገኝ ትርፍ"። ይሄ ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ልክ ነው። 36 ሺህ የተባለው ቁጥር ቪዲዮው ውስጥ አለ፣ ትርፍም አለ። ጎን ለጎን ሲነበቡ ግን 36 ሺህ የሽያጭ ገቢ መሆኑ ቀርቶ ትርፍ ሆነ። ውሸቱ ያለው በቃላቱ ውስጥ አይደለም፣ በመጋጠማቸው ነው። ጅዳ ሆኖ ደሞዙን የሚያጠራቅም ወንድም ቪዲዮውን እስከ 9ኛው ደቂቃ ካላየ፣ በዚህች ግጥሚያ ተነሥቶ ቤተሰቡ ዶሮ እንዲገዛ ብር ሊልክ ይችላል። ለ3 ወር የሚሆን የመኖ ገንዘብ ግን አላሰበም።

ሦስተኛው ሽፋን "3 ወር ያለ ገቢ" ይላል፣ ሥዕሉ ባዶ የእንቁላል ትሪ የያዘች ልጅ። ርዕሱ ደግሞ "100 እንቁላል ጣይ ዶሮ፦ ወጪው፣ ገቢው እና የሚተርፈው፣ ቢሾፍቱ"። ሥራ ተከፋፈሉ። ርዕሱ ነገሩ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነና የት እንደሆነ ይናገራል፤ በፍለጋ የሚመጣ ሰውም የሚጽፋቸው ቃላት እዚያ አሉ። ሽፋኑ ደግሞ ያንን ሰው "እንዴ፣ ታዲያ እንዴት ቻለችው?" የሚያሰኘውን አንድ ነገር ብቻ ይዟል። የጉጉቱ መልስ ቪዲዮው ውስጥ አለ።

ግን አንድ ሥራ ይቀራል። መልሱ 9ኛው ደቂቃ ላይ ከተቀበረ፣ ሽፋኑን አይቶ የከፈተው ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ የሚያየው የዶሮ ቤት ጉብኝት ነው። የተሳሳተ በር የገባ ይመስለዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 30 ሰኮንዶች ልጅቷ ደብተሯን ይዛ "እነዚህ 3 ወሮች ናቸው ሊያስቆሙኝ የነበሩት" ስትል ትታይ። ዝርዝሩ በኋላ ሊመጣ ይችላል።

አማርኛ እዚህ ላይ የራሱ ጣጣ አለው። ግሣችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ አፍራሹም አብሮት። የዩቲዩብ ርዕስ እስከ 100 ፊደል ይፈቅዳል፤ ስልክ ላይ ግን ረዘም ያለ ርዕስ ጫፉ ተቆርጦ በነጠብጣብ ያልቃል። "የቤት ኪራይ በእጥፍ ሊጨምር ነው ተብሎ የሚወራው እውነት አይደለም" የሚል ርዕስ ሲቆረጥ "የቤት ኪራይ በእጥፍ ሊጨምር ነው…" ሆኖ ይቀራል። አዘጋጁ ሊያስተባብል ነበር የፈለገው፤ ስልኩ ግን ወሬውን አስተላለፈለት። ሽፋኑም ላይ እንደዚሁ ነው። የቪዲዮው ርዝማኔ የሚጻፍባት ትንሿ ሳጥን የምታርፈው በታች በኩል በቀኝ ጥግ ላይ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ሁለት መስመር ከጻፋችሁ የመጨረሻው ቃል፣ ማለትም ግሡ፣ በትክክል እዚያው ሥር ይገባል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ "ሐሰት ነው" የሚለው ከፊት ይምጣ፤ የሽፋኑም ጽሑፍ ከ3 ወይም ከ4 ቃል አይለፍ፣ ከቀኝ ጥግም ይራቅ።

ቃሉና ይዘቱ መግጠማቸውን በስሜት ሳይሆን በቁጥር ማወቅ ይቻላል። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ሁለት ነገር ጎን ለጎን እዩ። አንደኛው ሽፋኑ ከታየባቸው ጊዜያት ስንት በመቶው ወደ መክፈት እንደተቀየረ ነው፣ Impressions click-through rate የሚለው። ሁለተኛው ተመልካች በየትኛው ሰኮንድ እንደወጣ የሚያሳየው መስመር ነው። ብዙ ሰው ከፍቶ መስመሩ ገና በ30 ሰኮንድ ውስጥ እንደ ገደል ከወረደ፣ ሽፋኑ ቪዲዮው የሌለውን ቃል ገብቷል፤ ወይም ቃሉ ዘግይቶ ተከፍሏል። ጥቂት ሰው ከፍቶ የከፈተው ሁሉ ከቆየ ደግሞ ቪዲዮው ጥሩ ነው፣ ሽፋኑ ነው ያሳነሰው። የመክፈቻው በመቶኛ ብቻውን አያስደንግጣችሁ፤ ዩቲዩብ እንደሚለው ከቻናሎችና ከቪዲዮዎች ግማሾቹ ከ2 እስከ 10 በመቶ ባለው ውስጥ ናቸው፣ ቪዲዮው ለማያውቋችሁ ሰዎች በሰፊው መታየት ሲጀምርም ቁጥሩ ይወርዳል።

ሁለቱን ሽፋኖች በዚህ ሒሳብ እናወዳድር። ሁለቱም 10 ሺህ ጊዜ ታዩ እንበል። የ36 ሺሁን 8 በመቶ ከፈቱት፣ 800 ሰው፤ ተናደው በአማካይ ከ1 ደቂቃ ተኩል በኋላ ወጡ፣ 1,200 ደቂቃ። "3 ወር ያለ ገቢ" የሚለውን 5 በመቶ ከፈቱት፣ 500 ሰው፤ በአማካይ 4 ደቂቃ ቆዩ፣ 2,000 ደቂቃ። ዩቲዩብ ሽፋኖችን ለማወዳደር በሰጠው መሣሪያም የሚያሸንፈው ብዙ የተከፈተው ሳይሆን ከዕይታ ጊዜው የበለጠውን ድርሻ ያመጣው ነው።

ከአንዱ ቪዲዮ አልፎ ደግሞ ገበያው አለ። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ሲጽፍ ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚሰጠው ግምት ዝቅ ይላል፣ ጥሩውን የያዘውም ከገበያው ይወጣል። እኛም "አዋጭ ሥራ" የሚል ሽፋን ስናይ መጀመሪያ አስተያየቶቹን ወርደን የምናነበው ለዚህ ነው። የሚከፍለው ግን ደብተሩን ገልጦ ያሳየው ዩቲዩበር ጭምር ነው።

ለተጫነ ቪዲዮም አልረፈደም። ርዕስና ሽፋን ከተጫነ በኋላ ይቀየራል፤ ቪዲዮውን ግን በዚያው ሊንክ በሌላ መተካት አይቻልም። ካልገጠሙ መታረም ያለበት ሽፋኑ ነው። ስልካችሁን ያዙና ሽፋኑንና ርዕሱን ብቻ ለጓደኛችሁ አሳዩት፣ "ምን አገኛለሁ ብለህ ትከፍተዋለህ?" በሉት። የሚመልስላችሁን ጻፉትና ቪዲዮው ውስጥ ያለበትን ደቂቃ ፈልጉ። ከሌለ፣ ሽፋኑን ቀይሩት።